በአራት ቅጂ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

ፎርም መሙላት የሚያደክመኝ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ነው። ባንክ ቤት ቁጭ ብዬ ስሜንና የአያቴን ስም ስጽፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ «እማዬ፣ ሦስት መስመር እኮ ነው» ይላሉ። ይሳቁ። እነሱ ክፍል ስድስትን አያውቁትም።

ያኔ አሰላ፣ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ ሰብል ጥበቃ ክፍል ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ በየገበሬ ማኅበሩ እየዞርኩ የታመመ ስንዴ ማየትና ሪፖርት መጻፍ ነው። በዝናብ እሄዳለሁ፣ በጭቃ እመለሳለሁ፣ የጻፍኩትን ለኃላፊዬ እሰጣለሁ፣ ኃላፊዬ ፋይል ውስጥ ያስገቡታል። ፋይሉ ይወፍራል፤ ስንዴው ይታመማል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። በሰርተፊኬት የተቀጠረ ሰው ከዚያ በላይ መንገድ የለውም፤ ዲግሪ ያለው ከላይ ተቀምጧል፣ እኔ ከታች ቦቲዬን አጥባለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የነፃ ትምህርት ዕድል ተለጠፈ። ወደ ሶሻሊስት አገር፣ በዕፅዋት በሽታ ትምህርት፣ ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ቦታ። አንድ! ከየወረዳው ስንት ረዳት እንደሚሻማባት ቤት ይቁጠረው። ዕድሜ ገደቡን ሳየው ደግሞ ለእኔ የመጨረሻዋ ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት አልፈዋለሁ። ይህች ካመለጠችኝ እስከ ጡረታ ቦቲ አጣቢ ነኝ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

ፎርሙ በአራት ቅጂ ይሞላል። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ትምህርት፣ የብዙኃን ማኅበር አባልነት፣ የሐኪም ማስረጃ፤ ይህ ሁሉ ምንም አይደል። አበሳው ክፍል ስድስት ነው፦ «የአመልካቹ አጭር የሕይወት ታሪክ፣ የመደብ ጀርባና የትምህርት መስኩን የመረጠበት ምክንያት፤ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ»። ከሥር ደግሞ የተወለዱበት የገበሬ ማኅበር ወይም ቀበሌ እውነት መሆኑን በማኅተም ያረጋግጣል።

የመደብ ጀርባ! የእኔ ጀርባ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። አያቴ ከሸዋ መጥተው ሲሬ አካባቢ መሬት ያገኙ ሰው ናቸው፤ አባቴ ወርሰው በጭሰኛ ያሳርሱ ነበር። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ማሳው ተከፋፍሎ እንደማንኛውም ሰው ድርሻቸውን ወሰዱ፤ በስተርጅና ሞፈር ጨብጠው ማረስ ጀመሩ። እንግዲህ እኚህን ሰው ምን ብዬ ልጻፋቸው? ባለመሬት ብል ፎርሙ ከበር ይመለሳል። ገበሬ ብል ዛሬ እውነት ነው፣ ትናንት ግን ውሸት።

ደግነቱ እንደ እኔ ላለው መላ ነበረ። ሁሉም የሚገለብጣት አንዲት ገጽ ነበረች። ማን መጀመሪያ እንደጻፋት አላውቅም፤ ጽፎ ያለፈባት ሰው አለ ስለተባለ ሁሉም እሷኑ ያስጽፋል። የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት በቃሏ ታውቃታለች። ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ አራት ወረቀት በካርቦን አነባብራ መኪናዋ ላይ አስገባችና «ስምሽንና የትውልድ ወረዳሽን ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላውን ጣቴ ያውቀዋል» አለች።

ጣቷ ያውቀው ነበር። «ከጭቁን ገበሬ ቤተሰብ ተወልጄ በጭቆና ቀንበር ሥር አድጌ...» እያለች ቡና ስለሚጠፋበት ስለ ቀበሌ ሱቅ ታወራኛለች፣ ጣቷ በራሱ ይሄዳል። አውጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት እንዲህ የሚል አለ፦ «ታናሽ ወንድሜ ለእናት አገሩ ዳር ድንበር ሲፋለም በክብር ተሰውቷል፤ እኔም መሥዋዕትነቱን በዕውቀት ለመካስ ቆርጬ ተነስቻለሁ።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

አየችው። «ውይ፣ የዚያኛው አመልካች ነው። የእሱ ወንድም እውነትም ሞቶበታል።» ወረቀቱን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ትንሽ አሰበችና መልሳ አወረደችው። «ግን እኮ ክብደት አለው። ለሰማዕት ቤተሰብ ቅድሚያ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ካርቦን የለንም፣ ያለቀ ዕቃ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ።»

እኔ ታናሽ ወንድም አለኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ደብዳቤው በመሥሪያ ቤቴ ፖስታ ሣጥን በኩል ነበር የሚመጣው፤ ከመጣ ግን ሰባት ወር አልፎ ነበር። እንግዲህ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ምን አሰብኩ? ብዙ አላሰብኩም፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ደክሞኝ ነበር። ማን ያነበዋል አልኩ። የኮሚቴው ሰዎች ቅድሚያ ያለውን ብቻ ይለያሉ፣ የትውልድ ሰፈሬ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ደግሞ ማኅተም ይመታሉ እንጂ መች ያነባሉ ብዬ አራቱንም ፈረምኩ። ሳሩን እንጂ ገደሉን ያላየ በሬ ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ኢተያ ወረድኩ፤ ከዚያ በእህል ጫኝ መኪና ሲሬ፣ ከሲሬ በእግሬ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ደጃቸው ላይ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። እኚህ ሰው የአባቴ ጭሰኛ ነበሩ። አማርኛቸው የገበያ ስለሆነ ከእሳቸው ጋር ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የምናወራው። ልጅ ሆኜ ትከሻቸው ላይ ተሸክመውኛል፤ በኋላ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስመጣ ከተማሪዎቼ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ያን ክረምት «ሀ» እና «ሐ» ለምን ሁለት ሆኑ እያሉ ጨርሰውኛል።

ፎርሙን ሰጠኋቸውና የሚታተምበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ማኅተሙ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው፤ እሱ ገበያ ወርዷል። ነገ ጠዋት ይሁንልሽ» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። «እስከዚያ አነበዋለሁ። ሳላነብ አላትምም፤ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

 ግን ምን እላለሁ? ስጡኝ ብል ለምን ይሉኛል። ፊደል እየለቀሙ እስከዚያ መስመር አይደርሱም ብዬ ራሴን አታለልኩና አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ገና ሳልቀመጥ የሁልጊዜውን ጠየቁኝ፤ «ከወንድምሽ ደብዳቤ መጣ?» አልመጣም አልኩ። «መንገዱ ነው፤ ፖስታው ይዘገያል» አሉ። እሺ አልኩ። ፎርም ላሳትም እንደመጣሁ ስነግራቸው ምን ይላል አሉኝ፤ ስለ እኔ ነው አልኳቸው፤ እራት በላንና ተኛን።

ጎህ ሲቀድ የውሻ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ቀኑ እሑድ ስለነበር አባቴ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነስተው ፊታቸውን እየታጠቡ ነው። በሩን ስከፍት ሊቀመንበሩ፣ የንስሐ አባታችን ቄስና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ግቢያችን ውስጥ ቆመዋል።  እኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ሦስት ሰው ለመርዶ ካልሆነ ለምንም አይመጣም። ሊቀመንበሩ እኔን አይተው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ገባኝ። ምስኪን ሰው፣ እኔ ለአባቴ መናገር አቅቶኝ በወረቀት ያሳወቅኋቸው መስሏቸዋል።

አባቴ ፎጣውን እንደያዙ ወጡ። አዩዋቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ውኃ ሳይደርቅ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ተናገሩ» አሉ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔ መሐል ገባሁ። «አልሞተም!» አልኩ። «ማንም አልሞተም፣ ውሸት ነው። ታይፒስቷ ናት፤ የሌላ ሰው ታሪክ ከእኔ ጋር ቀላቅላ ነው።»

 ሊቀመንበሩ ፎርሙን ከኪሳቸው አውጥተው አየት አደረጉት፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጁን ለውትድርና የመዘገብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ይህን ቃል ካነበብኩ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም።»

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉና ለእኔ ሰጡኝ። «አንብቢው» አሉ። እዚያ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ አነበብኩ፤ ጭቁን ገበሬውን፣ ቀንበሩን፣ ሰማዕቱን። እንደዚያ ቀን የገዛ ድምፄን ጠልቼው አላውቅም።

«ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ሳታነቢ ነው የፈረምሽው?»

አዎ ማለት እችል ነበር፤ ሁሉም ያምኑኝ ነበር። ግን የአባቴን እርጥብ ፊት እያየሁ ሌላ ውሸት ከአፌ አልወጣ አለ። «አንብቤ ነው፣ አባባ።»

አባቴ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ወንድምሽን በስንት ሸጥሽው?» ብለው ተነሱና ገብተው በሩን ዘጉ። ቄሱ «እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ ሟርት ነው ይሄ» ብለው ከሽማግሌው ጋር ሄዱ። ሊቀመንበሩ ግን አልሄዱም። ደረጃው ላይ፣ አባቴ የተቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ።

«እኔስ?» አሉ በዝግታ። «አባትሽ ጭቁን ከነበሩ እኔ ምን ነበርኩ? ለእኔ ምን ቃል ተረፈልኝ?»

 ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው። በቃ፣ ይቅርብኝ፣ አልወዳደርም አልኩ። ከልቤ ነበር፤ ሄጄ ቦቲዬን አጥቤ ብቻዬን መቀመጥ ነው ያማረኝ።

«ሰነፍ» አሉኝ። «ሌላ ጻፊ። እውነት ከሆነ አትማለሁ። ለምንድን ነው መማር የፈለግሽው?»

«ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አወናጨፉ። «ይሄን ራዲዮኑም ይለዋል። አምና ስንዴዬን ዋግ ሲመታው አንቺ መጥተሽ አይተሻል። ምን አልሽኝ?»

አስታወስኩ። ማሳቸው መሐል ገብቼ ስወጣ ሱሪዬ በዋጉ ቀይ ዱቄት ተሸፍኖ ነበር። ምን ላድርግ አሉኝ። ምንም አልመለስኩም፤ ደብተሬን አውጥቼ ስንት ሄክታር እንደተመታ ጠይቄ ጻፍኩና ሄድኩ።

«አላውቅም ነው ያልኩዎት» አልኩ።

«አላልሽም። ብትይማ ጥሩ ነበር። ጻፍሽና ሄድሽ። እሱን ጻፊ።»

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። አባቴ ባለመሬት እንደነበሩ፣ መሬቱን ያርሱ የነበሩት ይህን ማኅተም የሚመቱት ሰው እንደሆኑ፣ ከምርቱም ሲሶ ይሰጡ እንደነበር ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ሲሶ አይደለም፣ እኩል ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

በሩ ተከፈተ። አባቴ ከውስጥ ያዳምጡ ኖሯል። «ሲሶ ነው! ውላችን ሲሶ ነው!»

«ውሉ ሲሶ ነው፤ አውድማ ላይ እኩል ነበር። የዘር እያሉ፣ የበሬ እያሉ።»

አባቴ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። የበሩን መቃን በእጃቸው ተደግፈው ወደ እኔ ሳያዩ «እኩል ብለሽ ጻፊ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ በላይ ሲሸነፉ አላየኋቸውም። ወንድሜን በተመለከተ እንዲህ ጻፍኩ፦ ታናሽ ወንድሜ ግንባር ነው፤ ሰባት ወር ደብዳቤ አልደረሰንም፤ በሕይወት እንዳለ እናምናለን። ለትምህርት መስኩ ደግሞ ያቺን የዋግ ቀን ብቻ ጻፍኩ፤ ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዳልነበረኝ፣ ሪፖርት ጽፌ እንደሄድኩ፣ ሁለተኛ እንደዚያ ሆኜ መሄድ እንደማልፈልግ። ገጹ አልሞላም። ሊቀመንበሩ በጣታቸው እየተከተሉ ከዳር እስከ ዳር አነበቡና ገንዘብ ያዡ ጋ ሄደው አተሙልኝ።

ሰኞ አሰላ ስመለስ ታይፒስቷ ገና ስታየኝ ነገር እንዳለ ገባት። ከየትም ብላ ካርቦን አገኘች። መጻፍ ስትጀምር ጣቷ ተጎተተ፤ በቃሏ የማታውቀው ነበርና። መሐል ላይ ቆመች። «የኔ እህት፣ ይሄ ያስጥልሻል» አለች።

«ያስጥለኝ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምተሽ ነው? አንቺ ግን ፎርም ለማስገባት ያለሽ እስከ አርብ ነው።» ትቀልዳለች እንጂ ጨርሳ ስትሰጠኝ አንዲትም ፊደል አልተሳሳተችም። ማኅተም ያለበትን የእጅ ጽሑፍ ከአራቱ ቅጂ ጋር አያይዤ አስገባሁ።

አለፍኩ። ለምን እንዳለፍኩ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም። ኃላፊዬ ኮሚቴው ውስጥ ነበሩ፤ «የሌሎቹ ሁሉ አባት አንድ ሰው ይመስላል፣ የአንቺ ወረቀት ብቻ ሌላ አባት ነበረው» አሉኝ። ደስታዬ አጭር ነበር። ክትባት፣ ፓስፖርት፣ የዋስትና ውል፣ እንደገና ፎርም። አባቴ ጋ ሄጄ ስነግራቸው መረቁኝ፤ ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ አንድ ነገር ለምደው ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ግንባሩ ሲያወራ «የእኔ ልጅ አንዴ በፎርም ሞቶ ተነስቷል፤ ሁለተኛ አይሞትም» ይሉ ነበር። ይስቁበት ነበር። እኔ ደግሞ የሰሙትን ሁሉ እያየሁ መሬት ብትውጠኝ እላለሁ።

ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ሊቀመንበሩን መሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አሰላ መጥተው አያውቁም ነበር። ከጎረቤት ገበሬ ማኅበር አንድ ልጅ በክራንች ተመልሶ ነበር። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ወንድሜን በገዛ እጁ ነው የቀበረው። ሊቀመንበሩ ልጁን ሦስት ጊዜ አስምለው ጠይቀውታል፤ ሦስት ጊዜ።

«ደጋግሜ ያጣራሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አወቅሁ። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ ታይፒስቷ ወጥታ ያዘችኝ፤ እሷም አለቀሰች። ልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለኝ፤ በፊርማዬ ገድዬዋለሁ። እንደዚያ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ይለኛል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እነዚያው ሰዎች፣ ሊቀመንበሩ፣ ቄሱና ሽማግሌው፣ አሁን እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላቸው፣ ግቢው ገባን። አባቴ ደረጃው ላይ ቆመው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ቀና አሉ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ እኔን ከኋላ አዩኝ፤ ፊታቸው በራ።

«እናንተ ሰዎች፣ አሁንም ታምኗታላችሁ?» አሉ እየሳቁ። «ልጄ፣ ደግሞ ዛሬ የምን ፎርም ሞልተሽ ነው?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ሊቀመንበሩ ዞረው ተመለከቱኝ፤ እሳቸው ቢናገሩ እንደማይታመኑ ገብቷቸዋል። መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ወደ ፊት ወጣሁ፤ ፎጣውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«አባባ፣» አልኩ፣ «ዛሬ ምንም አልሞላሁም።»